ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብልን ለምን አፋታኋቸው

ድስት ውስጥ አብረው ስለሚገቡ፣ አብረው ማደርም ያለባቸው ይመስለኝ ነበር። ሁለቱንም አጥቤ አንድ ፌስታል ውስጥ እከታለሁ፣ አፉን ቋጥሬ ፍሪጅ ውስጥ። አለቀ።

አንድ ቀን ፌስታሉን ስፈታ ውስጡ ላብ እንዳላበው መስኮት ውሃ አቁሯል። ነጭ ሽንኩርቱ ጣት የሚያህል አረንጓዴ ቡቃያ አውጥቷል። አንዱን ፍሬ ስላጥ ከሥሩ በኩል ሰማያዊ አረንጓዴ ዱቄት ለብሷል። ዝንጅብሉ ደግሞ የቆረጥኩት ፊቱ ላይ ነጭ ጸጉር አብቅሎ ጫፉ ሙልጭልጭ ብሏል።

ጥፋቱ የፍሪጁ ብቻ አልነበረም። ሁለቱ የሚፈልጉት ነገር ለየቅል ነው።

የደረቀ ነጭ ሽንኩርት እንቅልፍ ላይ ያለ ተክል ነው። የፍሪጅ ቅዝቃዜ ከዚያ እንቅልፍ ይቀሰቅሰዋል፤ በተለይ ቀዝቅዞ ወደ ውጭ ሲወጣ ለመብቀል ይቸኩላል። እርጥበት ሲጨመርበት ደግሞ ሻጋታው ይከተላል። ስለዚህ አሁን ሳላጥበው፣ ራሱን ሳልበትን፣ አየር በሚያስገባ ቅርጫት ከምድጃና ከፀሐይ ራቅ አድርጌ አስቀምጠዋለሁ። ስገዛም ጫን ጫን አድርጌ አያለሁ፤ ለስለስ ያለ ፍሬ ካገኘሁ ያንን ራስ አልወስድም። አንዴ ከተበተነ ብዙ አይቆይም፣ ስለዚህ አንዱን ራስ ሳልጨርስ ሌላ አልፈታም። ቢበቅልም አልጥለውም። ለሁለት ሰንጥቄ መሐሉ ያለውን መራራ አረንጓዴ አወጣለታለሁ። የሻገተው ግን ይጣላል፣ ጎረቤቶቹም ይፈተሻሉ።

ዝንጅብል የፍሪጅ ልጅ ነው። ውጭ ሲያድር ውሃው ተኖ ይጨማደዳል፣ ሙቀትና እርጥበት ካገኘም ያቆጠቁጣል። ግን ቆዳው ላይ ውሃ ካለ ይሻግታል። ብዙ ያበላሸሁት እዚህ ላይ ነው፤ ቆርጬ እርጥቡን ፊት ወዲያው ስሸፍነው ሻጋታው ሁልጊዜ ከዚያ ይጀምራል። አሁን የተቆረጠውን ፊት አንድ ሁለት ሰዓት ውጭ አስቀምጬ፣ ስነካው ጣቴን የማያረጥብ ሲሆን በሶፍት እጠቀልለዋለሁ። ከዚያ ፌስታል ውስጥ አድርጌ አየሩን ጨምቄ አስወጥቼ የአትክልት መሳቢያው ውስጥ። በየሳምንቱ ሶፍቱን እነካለሁ፣ ከረጠበ እቀይራለሁ። በዚህ መንገድ ሦስት ሳምንት ገደማ ቆይቶም ስሰብረው ቀጭ ይላል።

የተረፈኝን ዝንጅብል ፍሪዘር ውስጥ እከተዋለሁ። በረዶ እንደሆነ ከነልጣጩ እፈቀፍቀዋለሁ፣ የቀረውንም ሳይቀልጥ እመልሰዋለሁ። ከቀለጠ እንደ ስፖንጅ ይልፈሰፈሳል።

የተላጠ ነጭ ሽንኩርት ዘይት ውስጥ ነክረህ መደርደሪያ ላይ አስቀምጥ ያለኝ ሰው ነበር። ይህን አታድርጉ። አየር በሌለበት ዘይት ውስጥ፣ ፍሪጅ ውጭ፣ ቦቱሊዝም የሚባለውን ገዳይ የምግብ መመረዝ የሚያመጣ መርዝ ሊፈጠር ይችላል፤ ሽታውም ጣዕሙም ላይለወጥ ይችላል። እኔ ልጬ ከፈጨሁት የአንድ ቀን መጠን የአንድ ቀን መጠን እያደረግሁ ፍሪዘር ውስጥ ነው የማስቀምጠው። ክዳኑ በደንብ የሚገጥም ዕቃ ይሁን፣ አለበለዚያ በረዶው ሁሉ ነጭ ሽንኩርት ነጭ ሽንኩርት ይላል።