ሦስቱ ቲዎሪዎች የተገናኙበት ረድፍ

የሳይኮሎጂ መግቢያ ኮርስ ቱተር ነኝ። ሌክቸሩን መምህራን ይሰጣሉ፣ ከፈተና በፊት የሚታደለውን የክለሳ ወረቀት ግን የምናዘጋጀው እኛ ነን። በዚያ ሴሚስተር የስሜት ቲዎሪዎች በሦስት ሌክቸር ተበታትነው ነበር። የጄምስና የላንግ ስለ ሰውነት ሲነሣ፣ የካነንና የባርድ ስለ አንጎል ሲነሣ፣ የሻክተርና የሲንገር ደግሞ ስለ አስተሳሰብ ሲነሣ ቀረቡ። መምህራኑም የተለያዩ ናቸው።

ሦስቱን የሚያወዳድረውን ማትሪክስ አንድ ባልደረባዬ ሠራው። ዓምዶቹ ሦስቱ ቲዎሪዎች ናቸው። ረድፎቹን ከስላይዶቹ ርዕስ ወሰዳቸው፦ ዓመት፣ ዋና ሐሳብ፣ የታላመስ ሚና፣ የአድሬናሊን ሙከራ፣ ትችት። ሲያዩት ያምራል። ክለሳው ላይ ግን አንዲት ተማሪ «ሻክተር ከጄምስ ጋር የሚስማማው በምንድን ነው?» አለች። ሁሉም ወረቀቱን ያገላብጥ ጀመር። መልሱ የለም።

«መረጃው እኮ ሁሉም አለ» አለኝ ባልደረባዬ ስንወጣ፣ ትንሽ ተናዶ።

«አለ። ግን ሦስቱም አንድ ጥያቄ አልተጠየቁም» አልኩት።

ታላመስ የአንጎል ውስጠኛ ክፍል ነው፤ «የታላመስ ሚና» የሚለው ደግሞ የካነን አጀንዳ ነው። ጄምስ ሐሳቡን ያቆመው ታላመስ ላይ ስላልሆነ ሳጥኑ ባዶ ቀርቷል። ተማሪዎቹ ደግሞ ባዶውን «ጄምስ ታላመስ አያስፈልግም ይላል» ብለው አንብበውታል። አለመናገርና መካድ በወረቀት ላይ ካልተለዩ ፈተና ላይ እንዲህ ያለ መልስ መምጣቱ አይቀርም።

ቁጭ ብለን ረድፎቹን ወደ ጥያቄ ቀየርናቸው። መስፈርቱ አንድ ብቻ ነበር፦ ሦስቱም ሊመልሱት የሚገደዱበት ጥያቄ ይሁን።

የመጀመሪያው «ሰውነት ሳይነቃቃ ስሜት ይኖራል?» የሚል ሆነ። ጄምስ እ.ኤ.አ. በ1884 የሰጠው መልስ አይኖርም ነው፤ የልቡን ምትና መንቀጥቀጡን ካነሣህ ከፍርሃት የሚተርፍ ነገር የለም። ካነን በ1927 ይኖራል አለ። የሆድ ዕቃቸው ከአንጎል ጋር ያለው ግንኙነት የተቋረጠባቸው እንስሳት አሁንም የቁጣ ጠባይ ያሳዩ ነበር። ሻክተርና ሲንገር በ1962 ወደ ጄምስ ተመለሱ፤ መነቃቃቱ ግድ ነው አሉ።

ሁለተኛው «የሰውነት ለውጡ እንደየስሜቱ ይለያያል?» የሚል ነው። ጄምስ አዎ ይላል። ካነን አይለያይም ይላል፤ በፍርሃትም በቁጣም፣ በትኩሳት ጊዜ እንኳ የውስጥ አካላት ተመሳሳይ ለውጥ ያሳያሉ። ሻክተር እዚህ ላይ ከካነን ጋር ቆመ። ለእሱ ስሜትን ከስሜት የሚለየው ሰውየው ለመነቃቃቱ የሚሰጠው ምክንያት ነው።

ያኔ የተማሪዋ ጥያቄ መልስ አገኘ። ሻክተር በአንደኛው ረድፍ የጄምስ ወገን፣ በሁለተኛው የካነን ወገን ነው። መጻሕፍት የሚወዱት ረድፍ «መጀመሪያ ምን ይመጣል?» የሚለው ነው፤ ድብ ታያለህ፣ ልብህ ይመታል፣ ትፈራለህ። ለመያዝ ይቀላል። ግን እሱን ብቻ የያዘ ተማሪ ይህን ዝምድና አያየውም፤ ሦስት ቅደም ተከተል ሸምድዶ ይወጣል።

ብዙ ያከራከረን የአድሬናሊኑ ረድፍ ነው። ባልደረባዬ በሻክተር ዓምድ ብቻ ጽፎት ነበር። «አድሬናሊን ቢወጋ ምን ይሰማዋል?» ብለን ለሦስቱም ሰጠነው። በጄምስ አካሄድ አድሬናሊኑ ልቡን እያስመታ ሰውነቱን እንደፈራ ሰው ካደረገው ፍርሃት ሊሰማው ይገባል። ካነን ግን የስፔናዊውን ሐኪም የማራኞንን የ1924 ሙከራ ይጠቅሳል፤ ከተወጉት ብዙዎቹ የልብ ምታቸው ብቻ ተሰማቸው፣ አንዳንዶቹ ደግሞ «የፈራሁ ያህል ነው» አሉ እንጂ ፈራሁ አላሉም። ሻክተርና ሲንገር ከዚሁ ተነሥተው፣ መርፌው ቫይታሚን ነው ብለው ወጉ። ለአንዳንዶቹ ምን እንደሚሰማቸው ነገሯቸው፣ ለሌሎቹ አልነገሩም። ከዚያ የደስተኛ ወይም የቁጡ ሰው ትወና ከሚተውን ሰው ጋር አስቀመጧቸው። ግምታቸው ምክንያቱን የማያውቀው ሰው በአጠገቡ ያለውን ስሜት ይወስዳል የሚል ነበር።

አንዱ መምህር ረቂቁን አይተው «ለመግቢያ ኮርስ ይበዛል» አሉ። ያልወደዱት የሻክተር ሳጥን ውስጥ የጨመርነውን መስመር ነው፦ አድሬናሊን የተወጉት መድኃኒት ባልሆነ መርፌ ከተወጉት ጋር የነበራቸው ልዩነት ደካማ ነበር፤ በ1979 የወጡ ሁለት ጥናቶችም ውጤቱን አልደገሙትም፣ ምክንያቱ ያልታወቀ መነቃቃት ወደ መጥፎ ስሜት ያዘነብላል ወደ ማለት አደሉ።

«እሱን ካወጣነው እኮ፣ ዶክተር፣ ሁለቱ ዓምዶች ትችት ኖሯቸው ሻክተር ብቻ ንጹሕ ሆኖ ይቀራል፤ ተማሪው ሦስተኛው አሸነፈ ብሎ ይሄዳል» አላቸው ባልደረባዬ።

ትንሽ አሰቡና «በአንድ ዓረፍተ ነገር ይሁን እንግዲህ» አሉ። በአንድ ዓረፍተ ነገር አደረግነው።