ለጅማ ክረምት የትኛው ጫማ? ቆዳ፣ ሸራና መረብ አርጥቤ ያየሁት

ከጅሬን ወደ መሃል ከተማ በእግሬ ነው የምመላለሰው። ክረምት ሲገባ መንገዱ ቀይ ጭቃ ይሆናል። ጫማ ስንገዛ ሁላችንም "ውሃ ያስገባል?" ብለን እንጠይቃለን። እኔን ይበልጥ ያሳሰበኝ ግን ማታ በስብሶ የገባ ጫማ ጠዋት ይደርሳል ወይ የሚለው ነው።

ስለዚህ ቤት ያሉኝን ሦስቱን ፈተንኩ፦ የቆዳ ጫማ፣ የሸራ ጫማና የላይኛው ክፍሉ መረብ የሆነ ስፖርት ጫማ። ሰፈር ያለ ባለሱቅ ሚዛኑን ፈቀደልኝና ደረቅ እያሉ መዘንኳቸው። ከዚያ ውስጣቸው ድንጋይ ጨምሬ እስከ ታችኛው የማሰሪያ ቀዳዳ ድረስ ውሃ ባለበት ሳፋ ውስጥ አቆምኳቸው። አስር ደቂቃ ያህል ቆይተው ወጡ፣ ተንጠፈጠፉ፣ እንደገና ተመዘኑ። ሌሊቱን ያለ እሳት ቤት ውስጥ አደሩ፤ ክረምት ላይ ፀሐይ የለማ።

ከሁሉም በላይ ውሃ የጠጣው ሸራው ነው። ሸራ ጥጥ ነው፣ ክሩ ራሱ ውሃ ይይዛል። ጠዋት ስነካው እርጥብ ነበር፣ መሽተትም ጀምሯል። በተደጋጋሚ እንዲህ ካደረ ይሻግታል፣ ክሩም እየሳሳ ይሄዳል። ጣቶች በሚታጠፉበት ቦታ ከጎማው ጋር የተያያዘበትን መስመር እዩት፤ መቀደድ የሚጀምረው ከዚያ ነው።

መረቡ ውሃውን ወዲያው ነው ያስገባው። ፖሊስተር ክር ግን ውሃ አይጠጣም ማለት ይቻላል። ውሃውን የያዘው ተረከዝ ዙሪያ ያለው ስፖንጅና የውስጥ ንጣፉ ነው። ንጣፉን አውጥቼ ለብቻው ሳሰጣው ጠዋት ላይ ጫማው ሊደርቅ ምንም አልቀረውም። ችግሩ ጭቃው ነው። ደቃቁ አፈር በመረቡ ቀዳዳ ይገባና በእያንዳንዱ እርምጃ ክሩን እንደ ብርጭቆ ወረቀት ይፍቀዋል። ትንሿ ጣት ጋ ክሩ ፀጉር ማውጣት ከጀመረ ብዙም አይቆይም። ከውጭ መጥረግ ብቻ አይበቃም፣ ከውስጥ በኩል ውሃ እያፈሰሱ ማጠብ ያስፈልጋል።

የገረመኝ ቆዳው ነው። ፊቱ ቀስ ብሎ ጠቆረ እንጂ ውሃ አላሳለፈም፤ እጄን ወደ ውስጥ ስከት ግን ስፌቱ እርጥብ ነው። በመርፌው ቀዳዳዎች ልክ ተራ በተራ ጠብታ ወጥቷል። ጫማ ሰፊያችን ጋ ወስጄ ሳሳያቸው፣ "ልጄ፣ ቆዳውን ተወው፣ ስፌቱንና ምላሱን እይ" አሉኝ። ምላሱ በሁለቱም ጎን ከጫማው ጋር ተሰፍቶ ከሆነ ውሃው ከዚያ በላይ ካልመጣ በቀር አይገባም። የኔው ታች ብቻ ነው የተሰፋው።

ስፌቱ ላይ ገበያ የገዛሁትን የንብ ሰም አሙቄ በጨርቅ አሸሁበት። ፊቱን ሙሉ ግን አልቀባሁም። ለምን እንደሆነ ጫማ ሰፊው በሰጡኝ ቁርጥራጮች ማየት ይቻላል። ብርጭቆ ውስጥ ትኩስ ውሃ ጨምሩ፣ አፉን በቆዳው ክደኑ፣ ከላይ ቀዝቃዛ ብርጭቆ ድፉበት። ደህና ቆዳ ከሆነ ከላይ ያለው ብርጭቆ ቀስ በቀስ ላብ ያወጣል። ፊቱ በፕላስቲክ የተለበጠውን ቁራጭ ስሞክር ብርጭቆው ደረቅ ሆኖ ቀረ፤ ሰም በደንብ የጠጣውም ብዙም አልተሻለውም።

ብዙ ሰው የሚስተው እዚህ ጋ ይመስለኛል። ቆዳ እንደ መረብ ነፋስ አያስገባም። አፍ ገጥመው ቢነፉበት አያልፍም። ግን የእግርን ላብ ይመጥጥና ቀስ ብሎ ወደ ውጭ ያወጣዋል። ገበሩ ፕላስቲክ ከሆነ ግን ላዩ ምንም ያህል ጥሩ ቆዳ ቢሆን እግር ይበስላል። ስለዚህ ስትገዙ እጃችሁን አስገብታችሁ ገበሩን ዳስሱ። የተቆረጠ ጠርዝ ካገኛችሁም እዩት፦ ቆዳ ክር ክር ያለው ነው፣ የተለበጠው ደግሞ ላዩ ላይ የላስቲክ ስስ ሽፋን ይታያል። እንዲህ ያለው መታጠፊያው ላይ እየተላጠ ይነሳል።

የበሰበሰ ቆዳ ከሰል አጠገብ አታስቀምጡ። ይኮማተራል፣ ይደርቃል፣ ሲታጠፍ ይሰነጠቃል፤ ከዚያ ወዲያ ቀለም አያድነውም። ጋዜጣ ጠቅጥቁበት፣ ጋዜጣው ሲርስ ቀይሩት።

አሁን ከሰኔ እስከ መስከረም ለሥራ ቆዳውን ነው የማደርገው፣ ምላሱንም ጫማ ሰፊው በጎንና በጎኑ ቆዳ ጨምረው ሰፍተውልኛል። ዝናቡ ቀኑን ሙሉ ሲሆን፣ መግባቱ ላይቀር፣ መረቡን አድርጌ ደረቅ ካልሲ በፌስታል እይዛለሁ። ሸራው ለበጋ ነው፤ ያኔ አቧራው ላይ ላዩን ስለሚቀር በቡሩሽ ይራገፋል፣ እግርም አያፍንም።