ከስቲከሩ ቀድሞ የሚደርሰው ኢሞጂ

ቴሌግራም ላይ መጀንጀን ላይ ሰሞኑን አንድ ነገር ገብቶኝ ደስ ብሎኛል፤ ላካፍላችሁ። ከኮዬ ፈጬ ወደ መሀል ከተማ ስመላለስ የተዋወቅኩት ልጅ አለ። ጠዋት የታክሲ ሰልፍ ላይ እናወራለን፤ ማታ ቻት ላይ እንቀጥላለን። ሰልፍ ላይ ፊቴን ስለሚያየኝ ስቀልድ ያውቃል። ቻት ላይ ግን ፊቴን የሚተካልኝ ኢሞጂ ነው።

መጀመሪያ የለመድኩት ኢሞጂን ከጽሑፍ ጋር ማስኬድ ነው። «ዛሬም ጥለኸኝ ሄድክ» የሚለውን ውሰዱ። ባዶውን ከላክሁት ወቀሳ ስለሚሆን ይቅርታ ይጠይቀኛል። 😒 ስጨምርበት ኩርፊያው የውሸት መሆኑ ይገባውና ሊያባብለኝ ይሞክራል። 🙈 ከሆነ «ቅር ብሎኛል፣ ግን ማለት አፈርኩ» ነው። 😏 ደግሞ ነገሩን ያሾለዋል፤ «ከማን ጋር ሄድክ?» ያስመስለዋል። 😂ን ለዚህ አልጠቀምም። እሱም መልሶ 😂 ይልካል፣ ጨዋታውም እዚያው ያልቃል።

እኛ ጋ ደግሞ ጉልበት የሌላቸው አሉ። 🌹 በየበዓሉ ከአክስቶቻችን ከ«እንኳን አደረሳችሁ» ጋር ስለሚመጣ ማንንም አያስደነግጥም። 💚💛❤️ ሲደረደሩም ሰው ባንዲራ ነው የሚያየው። ቀይዋ ብቻዋን ስትላክ ግን ሌላ ነገር ናት። ቴሌግራም አግዝፎ ልብ ስትመታ ያሳያታል። እሱ ሳይጀምር እኔ አልልካትም፤ በዚህ አልደራደርም።

ለረጅም ጊዜ ያስቸገረኝ ግን ስቲከር ነው። አንድ ቀን «ነገም ትጠፋለህ?» ብዬ ጻፍኩና ከመጋረጃ ጀርባ አጮልቃ የምታይ ድመት አስከተልኩ። ድመቷ ጨዋ ናት፣ ምንም የላትም። እሱ ግን ዝም አለ፤ በማግስቱም ሰልፍ ላይ ሲያየኝ አንገቱን ደፋ። በኋላ ስክሪንሹት ሲልክልኝ ጉዳዩ ተፈታ። ስልኩ ሳይከፈት በፊት የታየው ድመቷ ሳትሆን 😘 Sticker የሚል ጽሑፍ ነበር። ያነበበችውም እናቱ ናት!

ምክንያቱ እንዲህ ነው። ቴሌግራም ላይ እያንዳንዱ ስቲከር ሲሠራ ቢያንስ ከአንድ ኢሞጂ ጋር ይታሰራል። ኢሞጂውን የሚመርጠው ፓኩን የሠራው ሰው ነው። ማሳወቂያው ላይና የቻት ዝርዝሩ ላይ ምስሉ ሳይሆን ያ ኢሞጂ ይወጣል። የእኔን ድመት የሠራው ሰው 😘 አስሮባታል። እኛ ሰፈር ደግሞ ማታ ማታ ኔትወርኩ ስለሚደክም ቻቱ ተከፍቶም ምስሉ ቶሎ አይመጣም። ስለዚህ ተቀባዩ ድመቷን እስኪያያት ድረስ በእጁ ያለው መሳሙ ብቻ ነው።

አሁን አዲስ ስቲከር ሳገኝ መጀመሪያ ለራሴ Saved Messages ላይ እልከዋለሁ። ከዚያ ወደ ቻት ዝርዝሩ ተመልሼ የትኛው ኢሞጂ እንደተጻፈ አያለሁ። ቀጥሎ ፓኩን ከላይ እስከ ታች እመለከታለሁ። ተቀባዩ ስቲከሩን ሲነካው ሙሉው ፓክ ይከፈትለታልና ጨዋዋ ድመት ከባለጌ ስቲከሮች መሀል የወጣች ከሆነ እነሱንም አብሬ የላክሁ ያህል ነው።

ከሁሉም የሚሻለው ግን የራስን ፓክ መሥራት ነው ባይ ነኝ። @Stickers የሚባለው ቦት ላይ /newpack ትላላችሁ፤ ለፓኩ ስም ትሰጣላችሁ። አንዱ ጎኑ 512 ፒክስል የሆነ፣ ሌላው ጎኑ ከዚያ የማይበልጥ ምስል በፋይል መልክ ትልካላችሁ። ቀጥሎ ኢሞጂ ይጠይቃችኋል። ብዙ ሰው እዚህ ጋ ያገኘውን ነካ አድርጎ ያልፋል፤ እኔ ግን ከምስሉ በላይ የማስብበት ይህን ነው። ማሳወቂያው ላይ እናት ብታየውም የማያሳፍር መሆን አለበት። ለእኔዋ ድመት 👀 ሰጥቻታለሁ።

ጽሑፍ ውስጥ ያለ ኢሞጂ ሌላም ጥቅም አለው። እስከ 48 ሰዓት ድረስ ማስተካከል ይቻላል፤ 😏 ከከበደ 🙈 ታደርጉታላችሁ። ስቲከርን ግን ማጥፋት እንጂ ማስተካከል አይቻልም። ማሳወቂያውን አይቶት ከሆነ ደግሞ ማጥፋቱ ይብሳል፤ የተደበቀ ነገር ያለ ይመስላል። ለዚህ ነው ገና በምንተዋወቅበት ሰሞን ስቲከር ባትልኩ የምለው።

በትክክል አለመረዳቱን የማውቀው ጨዋታ ላይ ከቆየን በኋላ 🙏 ወይም 👍 ብቻውን ሲመጣ ነው። እንደዚያ ሲሆን ሌላ ስቲከር አልጨምርም፤ በሁለተኛው ምስል የመጀመሪያውን ማስረዳት አይቻልም። ያለ ምንም ኢሞጂ እንዲህ ብዬ እጽፋለሁ፦ «ስቲከሩ ሌላ ነገር መሰለህ እንዴ? ነገ ሰልፍ ላይ ትኖራለህ ወይ ለማለት ነው።» ለልጁም የጻፍኩለት ይህንኑ ነው፤ «12 ሰዓት ላይ እዛ ነኝ 🙈» ብሎ መለሰልኝ።