ካሎሪዋን ከ1,800 ወደ 1,650 ያወረድኩበት መልእክት

ክብደት እንድትቀንስ ለማሠለጥናት ሴት የላክኩት የመጀመሪያው መልእክት አንድ መስመር ነበር። «ከሰኞ ጀምሮ 1,650 ካሎሪ።» እሁድ ማታ ላኩላትና ተኛሁ።

መልሱ የመጣው ረቡዕ ነው። «ኮች፣ ተደብቄ የምበላ መስሎህ ነው?» ስደውልላት ደግሞ የባሰ ሰማሁ። ቅጣት መስሏት ሁለት ቀን እራቷን ትታ ነበር የዋለችው። ማክሰኞ ስፖርት ላይ ራሷን አዙሯት ነበር። ለካ ቁርስ እንኳ በቅጡ አልበላችም።

የባንክ ሠራተኛ ናት፣ 34 ዓመቷ ነው። ስንጀምር 82 ኪሎ ነበረች፣ በቀን 1,800 ካሎሪ። በመጀመሪያዎቹ ስምንት ሳምንታት 4.5 ኪሎ ቀነሰች። በቀጣዩ አንድ ወር 1.3 ኪሎ ብቻ። ከዚያ ሚዛኑ 76.2 ላይ ቆመ።

ወዲያው ካሎሪ አላወረድኩም። በየቀኑ ጠዋት ትመዘናለች፤ እኔ የማየው የሳምንቱን አማካይ ነው። የወር አበባ ሲቃረብ ሰውነት ውኃ ይይዛል፤ ጨው የበዛበት ወጥም እንደዚሁ ነው። ስለዚህ ሁለት ሳምንት ቁጥሩ ስላልተነቃነቀ ብቻ ስቡ መቅለጥ አቁሟል ማለት አይቻልም። ቢያንስ አንድ ሙሉ ወር ያስፈልጋል።

እስከዚያው ዘይቱን አየን። ሽሮዋን ስትሠራ ዘይቱን ከጠርሙሱ ነው የምታንቆረቁረው። አንድ ሳምንት በሾርባ ማንኪያ እየለካሽ ጨምሪ አልኳት። በቀን አንድ ማንኪያ ተጨማሪ ወጣ፣ ወደ 120 ካሎሪ ማለት ነው። (ይህን ሳልለካ «ሜታቦሊዝምሽ ተበላሽቷል» ብዬ ቢሆን ኖሮ እስከ ዛሬ ታምነኝ ነበር።) አስተካከለች። ሁለት ሳምንት ጠበቅን። አማካዩ 76.1፣ ከዚያ 76.2። የወገቧም ልክ ያው ነው።

የቀረው ርምጃዋ ነበር። ግንቦት መጨረሻ ነው፤ ለሰኔው ሒሳብ መዝጊያ መሥሪያ ቤቱ እየተጣደፈ ነው። በቀን 8,500 ርምጃ ትሄድ የነበረችው ሴት ከወንበር ሳትነሣ ወደ 6,000 ወርዳለች። እሱን መመለስ ይሻል ነበር፣ ግን በዚያ ሰሞን ማምሻውን ከቢሮ የምትወጣ ሰው እንዴት ብላ? ለዚህ ነው ምግቡን የነካሁት።

ይህን ሁሉ እኔ አውቃለሁ። እሷ ያየችው ግን ቁጥሩን ብቻ ነው። ረቡዕ ማታ እንደገና ጻፍኩ፦

«ይቅርታ፣ ምክንያቱን ሳልነግርሽ ቁጥር ላኩልሽ። ያጠፋሽው ነገር የለም። ስንጀምር 82 ኪሎ ነበርሽ፤ አሁን ስድስት ኪሎ የሚያህል ሸክም አውርደሻል። ቀለል ያለ ሰውነት ደግሞ ቁጭ ብሎም ሲሄድም የሚያቃጥለው ያንሳል። በዚህ ላይ ሥራሽ ወንበር ላይ አውሎሻል። ያኔ ክብደት ያስቀንስሽ የነበረው 1,800 ዛሬ ባለሽበት የሚያቆይሽ ሆኗል።

ከምሳሽ 60 ግራም እንጀራ አንሺ፣ ከወጡ ደግሞ ግማሽ የሾርባ ማንኪያ ዘይት። ሁለቱ ተደምረው 150 ገደማ ናቸው። እንቁላሉን፣ ምስሩንና ዓሣውን አትንኪ፤ ጡንቻሽን የሚያቆዩልሽ እነሱ ናቸው። እራት አትዝለዪ። ከ1,650 በታች መውረድ ያደክምሻል።

የምናየው ከሦስት ሳምንት በኋላ ነው። እስከዚያ ሚዛኑ ቢጨምር እንኳ ምንም አትቀይሪ። እንቅልፍ ከተበላሸብሽ፣ ስፖርት ላይ አቅም ካነሰሽ ወይም የወር አበባሽ ከዘገየ ግን ሦስት ሳምንት አትጠብቂ፣ ወዲያው ንገሪኝ። ያኔ መልሼ እጨምራለሁ እንጂ አላወርድም።»

መለሰች፦ «እንዲህ አትለኝም ነበር እንዴ!»

አሁን ሳነበው ከሁሉ የጠቀማት የእንጀራውና የዘይቱ አንቀጽ ይመስለኛል። «150 ቀንሺ» ሲባል ሰው በመጀመሪያ የሚያነሣው እንቁላሉን ነው፤ እንጀራ እንዴት ይነካል! ስለዚህ ከየትኛው ሳህን ምን እንደሚነሣ ሳልጽፍ ቁጥር መላክ ትቻለሁ። የምንገመግምበትን ቀን ደግሞ ሁልጊዜ እጽፋለሁ፤ ካልጻፍኩ በሦስተኛው ቀን «አልሠራም» የሚል መልእክት ይደርሰኛል።

አንድ ነገር ግን እዚያ መልእክት ላይ አቅልዬ ነገርኳት። የክብደቷ መቀነስና የርምጃው ማነስ ተደምረው 200 ካሎሪ ገደማ ቢያስረዱ ነው። መጀመሪያ ላይ በሳምንት ግማሽ ኪሎ ያስቀነሳት የካሎሪ ጉድለት ከዚያ በእጅጉ ይበልጣል። ቀሪው ሳይመዘን የተቀመሰ፣ ሳይታወቅ የቀነሰ እንቅስቃሴ፣ የተያዘ ውኃም ይሆናል። ለእያንዳንዱ ድርሻ ቁጥር ልስጥ ብል እዋሻለሁ።

የመጀመሪያው ሳምንት አማካይ 76.2 ነበር። ሁለተኛው 75.8። ሦስተኛው 75.4፣ ወገቧም አንድ ሴንቲ ሜትር ቀነሰ።

ሐምሌ ሲገባ ሒሳቡ ተዘጋ፣ ርምጃዋም ወደ 8,500 ተመለሰ። ያቺን 60 ግራም እንጀራ መለስኩላት፣ ምክንያቱንም አብሬ ጻፍኩ። «ይህንንስ ለምን ታብራራለህ፣ እንጀራ ስትሰጠኝ ማን ጠየቀህ?» አለችኝ።