በሽንኩርት ልጣጭ የተነከረ ጥጥ ቀለሙ እንዳይለቅ፦ የሦስት ቁራጭ ሙከራዬ

ባለፈው በሽንኩርት ልጣጭ የነከርኩት አቡጀዲ በሁለተኛው እጥበት ቀለሙ ሊጠፋ ምንም አልቀረውም። ስህተቴ አሁን ገብቶኛል። ለሱፍ የሚሆነውን አሠራር ለጥጥ ተጠቅሜ ነበር። ሱፍ አሉምን፣ ማለትም ቀለም የሚያስይዘውን ጨው፣ ራሱ ይይዛል። ጥጥ ግን አጥብቆ አይይዘውም፤ መሃል ላይ ታኒን የሚባለውን ከእፅዋት የሚገኝ ነገር ይፈልጋል። ታኒኑ ጥጡን፣ አሉሙ ታኒኑን፣ ቀለሙ ደግሞ አሉሙን ይይዛል።

ታኒኑን ያገኘሁት ጅማ ላይ ከማይጠፋ ነገር ነው፤ ከአቮካዶ የውስጥ ፍሬ። ሰፈራችን ያለው ጁስ ቤት በየቀኑ ይጥለዋል።

መጀመሪያ 200 ግራም አቡጀዲ በሶዳ አሽ አንድ ሰዓት ቀቀልኩ። አዲስ ጨርቅ ስታርች አለው፣ ጥጡም የራሱ ሰም አለው። ውሃው ሻይ መሰለ። ጨርቁ ሲደርቅ አንድ ጠብታ ውሃ ጣል አድርጉበት። ወዲያው ከጠጣው ጸድቷል። ጠብታው ድቡልቡል ብሎ ከቆመ ግን ቅቀላውን ድገሙት፤ እዚህ ላይ መቸኮል ዝንጉርጉር ቀለም ያመጣል።

ቀጥሎ 200 ግራም የተከተፈ ፍሬ አንድ ሰዓት ቀቅዬ አጠለልኩ። እጅ የሚችለው ሙቀት ላይ ሲደርስ ጨርቁን ከትቼ አሳደርኩት። ጠዋት ሳላለቀልቅ ጨመቅኩት። 30 ግራም አሉም በሙቅ ውሃ አሟሟሁ፤ 4 ግራም ሶዳ አሽ ለብቻው በጥብጬ በጥቂት በጥቂቱ ጨመርኩበት። አረፋው ገንፍሎ ይነሳል፣ ስለዚህ ዕቃው ሰፊ ይሁን። ጨርቁ እዚያም አደረ። በመጨረሻ 100 ግራም የቀይ ሽንኩርት ልጣጭ ቀቅዬ፣ አጥልዬ፣ ጨርቁን በለስላሳ እሳት አንድ ሰዓት አቆየሁት። እዚያው ውስጥ ቀዘቀዘ። ድስቶቹ ለምግብ አይመለሱም።

ለማወዳደር ሦስት ቁራጭ አዘጋጀሁ። አንዱ አሉም ብቻ ያየ፣ ሁለተኛው ታኒንና አሉም፣ ሦስተኛው እንደ ሁለተኛው ሆኖ በመጨረሻ ብረት ውሃ ውስጥ አሥር ደቂቃ የገባ። ብረት ውሃው የዛገ ምስማር በኮምጣጤ ሁለት ሳምንት ተዘፍዝፎ የተገኘ ነው፤ በብዙ ውሃ አቅጥኜዋለሁ። ሁሉንም በአንድ ዓይነት ሳሙና አምስት አምስት ጊዜ አጠብኩ። ከዚያ ግማሻቸውን በካርቶን ሸፍኜ ፀሐይ የሚገባበት መስኮት ላይ ሦስት ሳምንት አስቀመጥኩ።

አሉም ብቻ ያየው በየእጥበቱ ውሃውን ቢጫ አደረገ፣ ገረጣም። ታኒን ያለው ከመጀመሪያው እጥበት በኋላ ወርቃማ ቡናማ ሆኖ ጸና። ካርቶኑን ሳነሳ ግን ፀሐይ ያገኘው ግማሽ በግልጽ ፈዝዟል። ታኒን ለእጥበት ይረዳል እንጂ የሽንኩርት ቀለም ከፀሐይ ጋር ያለውን ድክመት አያስወግድም። ብረት የነካው ወደ ጥቁር አረንጓዴ ተለወጠ፤ የሁለቱ ግማሾች ልዩነት እምብዛም አይታይም።

ብረት ሲበዛ ግን ጥጡን ቀስ በቀስ ያሳሳዋል። ስለዚህ ለነጠላ አልጠቀምበትም። ለዘንቢል ሽፋንና ለመጋረጃ አደርገዋለሁ፤ ነጠላውን ደግሞ ጥላ ውስጥ አደርቀዋለሁ።

አሁን መስኮቱ ላይ ያለው በባህር ዛፍ ቅጠል የነከርኩት ቁራጭ ነው።