«ሂሳቡን አባ ኮዳ ይክፈል»፦ የውስጥ ቀልድ በልደት መልእክት ላይ ስሞክር የቆየሁበት አንድ ዓመት

ባለፈው ዓመት ጥቅምት ላይ የቅርብ ጓደኛዬ ልደት ነበር። ልክ ከሌሊቱ 6 ሰዓት ሲሆን የቴሌግራም ግሩፓችን ላይ «እንኳን ተወለድክ ወንድሜ! ዛሬ ሂሳቡን አባ ኮዳ ይክፈልልህ 😂» ብዬ ጻፍኩና ተኛሁ። ጠዋት ስነሳ ከመልእክቴ ስር ብዙ ተጽፏል። ከዚያ ሁሉ ውስጥ ግን «እንኳን ተወለድክ» የሚለው ጥቂት ነው፤ የቀረው ስለ ጓደኛዬ ኪስ ነው።

አባ ኮዳ እዚህ ሐዋሳ አሞራ ገደል የሄደ ሰው የማያጣው፣ በረጃጅም እግሮቹ ቆሞ የዓሣ ትርፍራፊ የሚጠብቀው ራሰ በራ ትልቅ ወፍ ነው። የዛሬ አምስት ዓመት አራት ሆነን እዚያ ዓሣ ልንበላ ሄድን፤ ጋባዡ ይኸው ባለልደቱ ጓደኛዬ ነበር። ጥብሱ ቀርቦ መብላት እንደጀመርን አንዱ አባ ኮዳ ከኋላው መጥቶ ዓሣውን ከእጁ ነጠቀው። በኋላ ሂሳብ ሲመጣ ኪሱን ቢፈትሽ ብሩ አልሞላም። ለካ ሥራ ካቆመ ወራት አልፈውታል፤ ለማናችንም አልነገረንም ነበር። ትንሽ ዝም አለና «በሉ ሂሳቡን አባ ኮዳ ይክፈል፤ የኔን ድርሻ የበላው እሱ ነው» አለ። ስቀን አዋጥተን ከፈልን። ከዚያ ወዲህ ከአራታችን አንዱ ብር ባጠረው ቁጥር «አባ ኮዳን ጥሩልኝ» ማለት ልማዳችን ሆነ።

ግሩፑ ላይ ያለነው ግን አራት አይደለንም፤ 47 ነን። አብረን የተማርን ልጆች፣ ባለትዳሮቻችን፣ የሥራ ባልደረቦች፣ የእጮኛው ወንድም ሁሉ አሉበት። እኔ በተኛሁበት አንዷ «አባ ኮዳ ማነው?» ብላ ጠየቀች። ከአራታችን አንዱ፣ ምንም ክፋት ሳይኖረው፣ ታሪኩን ከነሂሳቡ ተረከው። ሌላው «እስካሁን እዳውን አልከፈለም ማለት ነው?» አለ። ከዚያ በኋላ ሁሉም የየራሱን ጨመረበት። ባለልደቱ ጠዋት ተነስቶ «ሁላችሁንም አመሰግናለሁ» ብሎ ጻፈ፤ በቃ። እሱ ደግሞ ሁሌ ድምጽ ቀርጾ የሚልክ፣ ሲስቅ በስልክ ውስጥ እንኳ ጎረቤት የሚሰማው ሰው ነው። ነገር እንደተበላሸ ያወቅኩት ከዚያች ደረቅ መስመር ነው።

ደነገጥኩና መልእክቴን አጠፋሁት። ይህም ስህተት ሆነ። ቴሌግራም ላይ የራስን መልእክት ሲያጠፉ ከስሩ የተጻፉት መልሶች አይጠፉም፤ የሰዎቹ ወሬ እንዳለ ቀርቶ መነሻው ብቻ ይጎድላል። ቀን የገቡት ሰዎች «ምን ነበር የተጻፈው?» ማለት ጀመሩና ታሪኩ እንደገና ተተረከ።

በሦስተኛው ቀን ደወልኩለት። «ቀልዱ አልከፋኝም፣ የራሴ ቀልድ ነው» አለኝ። «ግን የዚያን ቀን ነገር የሚያውቁት አራት ሰዎች ነበሩ። አሁን እኔ ሥራ የማዛቸው ልጆች ሁሉ ያውቁታል።»

ይቅርታ ጠየቅኩት፣ እሱም ተቀበለኝ። የሆነውን ደጋግሜ ሳስበው የታየኝ ይህ ነው፦ እኔ የጻፍኩት ቃል ብቻውን ማንንም አላሳፈረም። ያሳፈረው «ምንድነው እሱ?» ተብሎ ሲጠየቅ የመጣው መልስ ነው። የውስጥ ቀልድ ላይ ላዩን አንድ ቃል ነው፤ ከቃሉ ስር ታሪክ አለ፤ ከታሪኩ ስር ደግሞ ሰውየው ያን ጊዜ የነበረበት ሁኔታ አለ። እኔ ቃሉን ብቻ ግሩፕ ላይ የጣልኩ መሰለኝ እንጂ ጥያቄ ሲመጣ የቀረውም አብሮ ተጎትቶ ወጣ። በተለይ ከስሩ ያለው የገንዘብ ማጣት፣ የፍቅር ነገር፣ የቤተሰብ ጉዳይ፣ መጠጥ ወይም የሰውነት መልክ ከሆነ ቃሉ የቱንም ያህል ቢያስቅ መነካት የለበትም።

ከዚያ በኋላ አንድ ልማድ ያዝኩ። መልእክቱን መጀመሪያ የምጽፈው ራሴ ብቻ የማየው «Saved Messages» ላይ ነው። ከስሩ «ምንድነው እሱ?» ብዬ እጽፋለሁ። ቀጥዬም ከመሃላችን ወሬ የሚወደው ልጅ የሚሰጠውን መልስ፣ እሱ በሚናገርበት አኳኋን፣ እጽፈዋለሁ። እኔ የምሰጠውን መልስ መጻፍ አይጠቅምም፤ እኔማ ተጠንቅቄ ነው የምመልሰው። ከዚያ የአባላቱን ዝርዝር ከፍቼ ከላይ እስከ ታች አየዋለሁ፣ መልሱ ማን ፊት እንደሚነበብ ለማወቅ።

ጥር ላይ ይህ ልማድ አንድ ጊዜ አዳነኝ። የዚያን ወር ልደተኛ ገና ጸጉሯን እየታጠበች «ፍቅር ሐይቅ በር ላይ ነኝ» የምትል ጓደኛችን ናት፤ «በር ላይ ነኝ» የሚለው ቃል በመሃላችን የታወቀ ቀልድ ነው። ጻፍኩት፣ ከስሩም መልሱን ጻፍኩ፦ «ሁሌ እንደምታረፍድ ታውቂ የለ!» የአባላቱን ዝርዝር ሳይ የመሥሪያ ቤቷ ኃላፊ አለችበት። ተውኩት።

በምትኩ ሌላ ቀልድ አመጣሁ። ይህች ልጅ ከባጃጅ ሹፌር ጋር ስትከራከር የሚያሸንፋት የለም፤ እኛ ርካሽ ነገር ስናገኝ «በሷ ዋጋ ነው» እንላለን። የተመሰገነችበት ነገር ስለሆነ ቢተረክም አያሳፍራትም። ነገር ግን የጥቅምቱ ድንጋጤ ስላልለቀቀኝ ሁሉንም ነገር አብራራሁት፦ መቼ እንደተጀመረ፣ ማን ቀድሞ እንዳለው፣ ሹፌሩ ምን እንደመለሰ። 14 መስመር ሆነ። ማንም አልሳቀም። ልጅቷ ራሷ በግል «ሆዴ፣ አመሰግናለሁ፤ ግን የስብሰባ ቃለ ጉባኤ ይመስላል» ብላ ጻፈችልኝ። ልክ ናት። ለሌላው አንባቢ አንድ ሐረግ ይበቃዋል፤ «ከባጃጅ ሹፌር ጋር ተከራክረሽ በአንቺ ዋጋ ያስኬድሽን» ብል ኖሮ የማያውቀው ይረዳዋል፣ የሚያውቀውም ይስቃል። ማብራሪያው ለብቻው ከተቀመጠ ቀልዱን ይገድለዋል፤ በምኞቱ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ከተሸሸገ ግን ጥያቄውን ቀድሞ ይዘጋዋል።

ሚያዝያ ላይ የተማርኩት ስለ ፈቃድ ነው። «ይህን ልጻፍብህ?» ብሎ በቀጥታ መጠየቅ ልደቱን ያበላሸዋል፤ ሰውም በይሉኝታ «ችግር የለም» ይላል። ስለዚህ ከአንድ ጓደኛችን ልደት ሦስት ሳምንት ቀደም ብዬ ሁለታችን ቡና ስንጠጣ ልጽፈው ያሰብኩትን የቀልድ ታሪክ በጨዋታ አነሳሁት። ሰውየው ቀልዱን ከወደደው ይቀበልና የረሳሁትን እየጨመረ እሱ ይተርከዋል። ይህኛው ጓደኛዬ ግን ስኒውን እያየ «ተይው እሱን» አለና ስለ ኳስ ማውራት ጀመረ። አብረን በሳቅንበት ጊዜ ሁሉ እየተከፋ እንደነበር እስከዚያ ቀን አላወቅኩም። ግሩፑ ላይ ያለ ቀልድ አጭር ምኞት ጻፍኩለት። ሌላ፣ እንደሚወደው እርግጠኛ የሆንኩበትን ቀልድ ደግሞ ለብቻው ላክሁለት፤ በድምጽ መለሰልኝ። አንዳንዱ ቀልድ ቦታው የሁለት ሰው ጨዋታ ነው፤ ግሩፕ ላይ ካልወጣ ዋጋ የለውም ብሎ ማሰብ የኔ ችግር ነበር።

ከቡናው ጥያቄ የሚሻል ማረጋገጫ ያገኘሁት ነሐሴ ላይ ነው። ታቦር ተራራ ወጥተን ስንመለስ ያ የአባ ኮዳው ጓደኛዬ አዲስ የሥራ ባልደረቦቹን ይዞ ተቀላቀለን። ምሳ ላይ እሱ ራሱ ታሪኩን ጀመረ! ጆሮዬን አቁሜ ሰማሁት። ወፉ እንዴት እንደመጣ፣ ዓሣው እንዴት ከእጁ እንደሄደ፣ እሱ እጁን ዘርግቶ እንዴት እንደቀረ፣ ሁሉንም በእጁ እያሳየ ተረከ። ሂሳብ ሲመጣ የሆነውን ግን አልነካውም። ለማያውቁት ሰዎች የሚነገረውን ክፍል እሱ ራሱ ለይቶ አስቀምጦታል ማለት ነው። ዘንድሮ ልጠቀም የምችለው ያንን ክፍል ብቻ፣ እሱ ባቆመበት ቦታ ላይ እያቆምኩ እንደሆነ ገባኝ።

ዘንድሮ ጥቅምት የጻፍኩት ይህን ነው፦

«እንኳን ተወለድክ ወንድሜ። አሞራ ገደል ላይ ጋብዘኸን አባ ኮዳ የራስህን ዓሣ ከእጅህ ነጥቆ ሲሄድ እንኳ ‹እናንተ ብሉ› ያልክ ሰው ነህ። ቅዳሜ ዓሣው በኔ ነው። አባ ኮዳም ተጠርቷል፤ አንተ ግን ጀርባህን ለግድግዳ ሰጥተህ ተቀመጥ።»

አባ ኮዳ ማነው የሚለው እዚያው ውስጥ ተመልሷል፤ ዓሣ ነጣቂ ነው። ጓደኛዬ በታሪኩ ውስጥ ጋባዥ ነው፣ ያም እውነት ነው። «ሂሳብ» የሚለው ቃል ግን የለም። በመጀመሪያው ረቂቅ ላይ «ዓሣው በኔ ሂሳብ ነው» ብዬ ነበር። ያቺ አንዲት ቃል የድሮውን ወሬ እንደምትቀሰቅስ የታየኝ መልሱን ስጽፍ ነው፤ አወጣኋት። ከአንድ ቀን በፊት ለሁለቱ ጓደኞቻችን «ነገ ከተጠየቃችሁ የወፉን ብቻ» ብዬ ጻፍኩላቸው። ባለፈው ዓመት የተረከው ልጅ «እኔም ሳስበው ነበር» አለኝ።

ሰዓቱንም ቀየርኩ። ሌሊት ሲለጠፍ ባለልደቱ ተኝቶ ሌሎች ያወሩበታል፤ እሱ ሲነሳ ወሬው ቅርጹን ይዟል። የመላኪያውን ምልክት ተጭኜ በመያዝ መልእክቱ ከምሽቱ 1 ሰዓት ላይ እንዲሄድ አዘጋጀሁት፤ ያን ጊዜ እሱ ከሥራ ወጥቶ ስልኩ በእጁ ነው፣ እኔም ነቅቻለሁ።

አራት ደቂቃ አልሞላም፣ የድምጽ መልእክት መጣ። ታሪኩን ከመጀመሪያው እየተረከ፣ የወፉን አረማመድ በአፉ እያስመሰለ፣ በዚያ በታወቀ ሳቁ። ሰዎች የየራሳቸውን የአባ ኮዳ ገጠመኝ ማምጣት ጀመሩ፤ አንዷ የልጇን ዳቦ እንደነጠቃት ተናገረች። መሃል ላይ ከባልደረቦቹ አንዱ «እና የዚያን ቀን ዓሣ ላልበላኸው ከፈልክ ማለት ነው?» ብሎ ጠየቀ። ልቤ ቆመ። ሁለቱም ጓደኞቼ ዝም አሉ፤ እኔም ዝም አልኩ። ስክሪኑ ላይ እሱ እየጻፈ መሆኑ ይታያል።

«ኧረ እነሱ ናቸው የከፈሉት። ያኔ ሥራ አልነበረኝም» ብሎ ጻፈ፤ ከስሩም የሦስታችንን ስም ጠራ።

ቀጣዩ ልደት ኅዳር ላይ ነው። ልጅቷ ግሩፑ ላይ ከገባች ሁለት ወሯ ነው፤ ከሷ ጋር የምንስቅበት ነገር ቢኖርም ለሌላ ሰው ስትተርከው ገና አልሰማሁም። እስክሰማ ድረስ ረቂቁ «Saved Messages» ላይ ይቆያል።