የተዋጠ ሳንቲም በራጅ ላይ፦ ሌሊቱን መጠበቅ ይቻላል ወይስ አይቻልም?

ልጁ አራት ዓመቱ ነው። ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ የአንድ ብር ሳንቲም ዋጠ ተብሎ ማታ 1 ሰዓት ላይ ድንገተኛ ክፍል ደረሰ። እናቱ ሌላ ቦታ የተነሳ የደረት ራጅ ይዛለች፤ ምንም አይታይበትም። ልጁ ምራቁን ይውጣል፣ ውሃም ጠጥቷል፣ አተነፋፈሱ ደህና ነው። ዳቦ ሲሰጡት ግን እጃቸውን ገፋ።

ያንን ራጅ መብራት ላይ ሳየው ከላይ በኩል አንገቱ ተቆርጦ ቀርቷል። የተዋጠ ነገር አብዛኛውን ጊዜ የሚቀረቀረው ደግሞ እዚያው፣ የምግብ ቧንቧ በሚጀምርበት ጠባብ ቦታ ላይ ነው። ስለዚህ ከአፍ እስከ መቀመጫ ድረስ የሚያሳይ ራጅ አዘዝኩ፤ አንገቱና ደረቱ ከፊትም ከጎንም እንዲነሱ። "ዶክተር፣ ሙዝ ላጉርሰው? ወደ ታች ይገፋለት ይሆናል" አለች እናቱ። "አይሆንም እናቴ፣ ከአሁን በኋላ ምንም እንዳይቀምስ" አልኳት። ምግብ ሳንቲሙን አይገፋውም፤ ሊያስታውከው ይችላል፣ ማደንዘዣም ሲሰጠው ከሆዱ የወጣው ወደ ሳንባው ሊገባ ይችላል።

አዲሱ ራጅ ላይ ሳንቲሙ ከአንገት ሥር ካሉት አግዳሚ አጥንቶች ትንሽ ከፍ ብሎ፣ ከፊት ሲታይ ሙሉ ክብ፣ ከጎን ሲታይ ደግሞ ቀጭን መስመር ሆኖ ታየ። በምግብ ቧንቧ ውስጥ ያለ ሳንቲም በአብዛኛው እንዲህ ነው የሚቀመጠው። ግን ክቡን ብቻ አይቶ መወሰን ያሳስታል፤ የጎኑ ራጅ ከአየር ቧንቧው ኋላ መሆኑን ያረጋግጣል።

ቀጥሎ ያየሁት ጠርዙን ነው። የአንድ ብር ሳንቲም ከሁለት ዓይነት ብረት ስለተሠራ ውስጡ ሌላ ክብ ይታያል። የሰዓትና የሪሞት ክብ ባትሪም ድርብ ክብ ያሳያል፤ መደናገሩ እዚህ ላይ ነው። የባትሪው ሁለተኛ ክብ ጠርዙን ተጠግቶ ይሄዳል፤ ከጎን ሲታይ ደግሞ አንዱ ፊቱ ከሌላው ስለሚጠብ እንደ ደረጃ ይሰበራል። ሳንቲም በሁለቱም በኩል ልሙጥ ነው። በእኛ ልጅ ራጅ ላይ ደረጃ አልነበረም። ሁለት የተለያየ ስፋት ያላቸው ሳንቲሞች ተደርበው ቢዋጡም ደረጃ ይሠራሉ፤ ካልለየልኝ ግን ባትሪ ነው ብዬ ነው የምነሳው።

ይህን ያህል የምጠነቀቀው ባትሪ ጊዜ ስለማይሰጥ ነው። እርጥብ ሥጋ ላይ ሲያርፍ ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል፤ በኔጌቲቭ ፊቱ በኩል የሚፈጠረው ኃይለኛ አልካሊ ቧንቧውን በ2 ሰዓት ውስጥ ክፉኛ ሊያቃጥለው ይችላል። ልጁ ቢስቅም ባይስቅም ባትሪው ወዲያው መውጣት አለበት። ከአንድ ዓመት በላይ የሆነና መዋጥ የሚችል ልጅ ከሆነ፣ ከተዋጠ 12 ሰዓት ካላለፈው፣ ወደ ሆስፒታል እየተጓዙ በየ10 ደቂቃው ሁለት የሻይ ማንኪያ ማር መስጠት ይቻላል፤ ከ6 ጊዜ አይበልጥም። ማር ፍለጋ ግን መንገድ አይዘገይም።

ሳንቲም ሲሆን ነገሩ ይረጋጋል። ልጁ ለሀጩን መዋጥ አቅቶት ቢዝረበረብ ወይም መተንፈስ ቢቸገር ኖሮ በዚያው ሌሊት፣ በ2 ሰዓት ውስጥ እንዲወጣለት እጠራ ነበር። ይህ ልጅ ደህና ስለሆነ እስከ 24 ሰዓት መጠበቅ ይቻላል። ባለሙያ በተሟላበት በማግስቱ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ቀጠሮ ያዝንለት፤ ሌሊቱን ግን ምራቁን እየተከታተልን ተኝቶ እንዲያድር አደረግን።

ወደ ማደንዘዣ ከመግባቱ በፊት ራጁን ደገምነው። ይህን መዝለል የለብንም፤ የምግብ ቧንቧው ታችኛው ጫፍ ላይ ያለ ሳንቲም ብዙ ጊዜ ሌሊቱን ራሱ ወደ ጨጓራ ይወርዳል፣ ልጁም ከማደንዘዣ ይተርፋል። የዚህ ልጅ ከላይ የተቀረቀረ ስለሆነ ካለበት አልተነቃነቀም። የትንፋሽ ቱቦ ከገባለት በኋላ በኢንዶስኮፒ መቆንጠጫ ወጣ። ቱቦው የሚያስፈልገው ሳንቲሙ ሲወጣ ጉሮሮ ላይ ቢያመልጥ ወደ አየር ቧንቧ እንዳይገባ ነው። ከወጣ በኋላ ሌላ ሳንቲም እንደሌለና ቧንቧው እንዳልቆሰለ እንደገና ታየ።

ሳንቲሙ ጨጓራ ውስጥ ቢሆን ኖሮ ልጁን ወደ ቤቱ እንልከው ነበር። የለመደውን ይበላል፣ ማስቀመጫ መድኃኒት አያስፈልገውም፣ እናቱ ሰገራውን ትፈትሻለች። የአንድ ብር ሳንቲም 27 ሚሊሜትር ገደማ ስለሆነ በትንሽ ልጅ የጨጓራ መውጫ ላይ ሊቆይ ይችላል፤ ስለዚህ ካልታየ ከሁለት ሳምንት በኋላ ራጅ ይደገማል፣ በአራተኛው ሳምንትም እዚያው ካለ ይወጣል። ከዚያ በፊት ካስታወከው፣ ሆዱን ካመመው ወይም ሰገራው ላይ ደም ከታየ በቀጠሮ አይጠበቅም። ሁለት ማግኔት ከዋጠ ደግሞ ይህ ሁሉ አይሠራም፤ በአንጀት ግድግዳ በኩል ተሳስበው ስለሚበሱት ያው ዕለት ሐኪም ጋ መድረስ አለበት።